ማስኩን ከማጥበቅዎ በፊት፦ የሲፓፕ የመጀመሪያ ሳምንታት

አጎቴ እንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው ስለሚቆራረጥ፣ በማስክ በኩል አየር የሚገፋው መሣሪያ፣ ሲፓፕ፣ የታዘዘላቸው በ67 ዓመታቸው ነው። የሚኖሩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከእኔ ቤት አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ነው። መሣሪያው በገባ በአራተኛው ሌሊት፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉልኝ። «ይሄ ነገር ዓይኔን ሊያጠፋው ነው፤ ና ውሰድልኝ» አሉ።

ስደርስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ማስኩ ወለሉ ላይ ወድቋል። የአፍንጫቸው አጥንት ቀልቶ አብጧል። የማሰሪያው መስመር ጉንጫቸው ላይ ታትሟል።

«ጋሼ፣ ምን ያህል ቢያጠብቁት ነው?» አልኳቸው።

«አየር ባመለጠ ቁጥር አጠበቅሁት። ባጠበቅሁት ቁጥር ባሰበት።»

እኔም ይህን መሣሪያ ስጠቀም ስድስት ዓመት ሆኖኛል። እሳቸው የነገሩኝን ያንኑ ነገር በመጀመሪያው ወር አይቼዋለሁ። ሲፓፕ አልሆነኝም ብለው ቁም ሳጥን ውስጥ የከተቱት ብዙ ሰዎች ችግራቸው መሣሪያው አልነበረም። ማስኩ ነበር። ማስኩ ላይ ደግሞ ትልቁ ስህተት ያፈሰሰውን ሁሉ ማጥበቅ ነው። ስለዚህ ከአጎቴ ጋር በቀጣዮቹ ሳምንታት ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ማስኩ ፊት ላይ የሚገጥመው እንዴት ነው?

እንቅልፍ ሲወስደን የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። የትንፋሽ መቆራረጥ ያለበት ሰው ላይ ጉሮሮው እስኪዘጋ ድረስ ይላላል። ሲፓፕ የክፍሉን አየር በትንሽ ግፊት ወደ ውስጥ ይልካል፤ ያ ግፊት ጉሮሮውን ከውስጥ ደግፎ ክፍት ያቆየዋል። ሥራው ይኸው ነው። ኦክስጅን አይሰጥም። የአጎቴ ጎረቤቶች «ኦክስጅን ተደረገላቸው» ሲባል ሰምተው፣ ሰውዬው ጠንቶባቸዋል ብለው ሊጠይቁ መጥተው ነበር።

ግፊቱ የሚለካው በውሃ ከፍታ ነው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ከ4 እስከ 20 ሴንቲሜትር ድረስ ይሰጣሉ። የአጎቴ ሐኪም ከ6 እስከ 14 ባለው መካከል መሣሪያው ራሱ ከፍ ዝቅ እንዲያደርግ አዘውታል።

አሁን የማስኩን ጠርዝ በጣትዎ ይንኩት። ፊት ላይ የሚያርፈው ሲሊኮን በብዙ ማስኮች ላይ ሁለት ሽፋን አለው። የውስጠኛው ወፈር ይላል፤ ፊትን የሚነካው ግን እንደ ፊኛ ስስ ነው። አየር ሲገባ ያ ስስ ሽፋን ይነፋና ቆዳው ላይ ተለጥፎ ይገጥማል። ማስኩን የሚያሽገው አየሩ ራሱ ነው እንጂ ማሰሪያው አይደለም። ማሰሪያው ማስኩን ቦታው ላይ ብቻ ይይዘዋል።

ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ስስ ሽፋኑ ይጨፈለቃል፣ ይታጠፋል። በእጥፋቱ በኩል አየር ያመልጣል። ሰውየው ደግሞ ላላ ብሎ ያስብና ይጨምርበታል። የአጎቴ አራት ሌሊት ያለቀው እዚህ አዙሪት ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ቀን፣ በቀን ብርሃን

ያን ሌሊት መልሰው እንዲያደርጉት አላስገደድኳቸውም። ከራስጌ ከፍ አድርገው በጎናቸው እንዲተኙ አደረግሁ፣ እኔም ሳሎን አደርኩ። ጠዋት ቁርስ ከበላን በኋላ ጀመርን።

ከማስክ ጋር መለማመድ ያለብን ነቅተን ነው። ደክሞት፣ በጨለማ፣ በሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ነገር የታሰረበት ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። አጎቴ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ዜናቸውን ከፈቱ። ማሰሪያውን ወደ ኋላ ገልብጠን ማስኩን በእጃቸው ብቻ ያዙት። መሣሪያውን አስነሳሁት። ማስኩን ፊታቸው ላይ አስጠግተው አምስት ደቂቃ ተነፈሱ። በፈለጉ ጊዜ እጃቸውን ማራቅ ይችላሉ። የመታፈን ስሜትን የሚያበርደው ይህ ነው፤ መውጫው በእጅ መሆኑን ማወቅ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ማስኩን መሣሪያው ጠፍቶ ፊትዎ ላይ አያቆዩት። አየር ካልገባ በእውነትም ያፍናል። መጀመሪያ አየሩን ያስነሱ፣ ከዚያ ያስጠጉት።

ከሰዓት በኋላ ይህንኑ በማሰሪያ አደረግነው፣ ሃያ ደቂቃ። በሁለተኛው ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ቴሌቪዥን እያዩ። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ አልጋ ላይ ጋደም ብለው አደረጉትና ሳያስቡት አርባ ደቂቃ ተኙ። በዚያው ሌሊት ወደ መደበኛው ገባን። አንዳንዱ ሰው ለዚህ ሁለት ቀን ይበቃዋል፣ አንዳንዱ ሳምንት ይፈልጋል። ደረጃውን አይዝለሉ፤ አንዱ ሳይሰለችዎ ወደ ቀጣዩ አይሂዱ። ሳምንት ሙሉ ሞክረውም ማስኩን ሲያደርጉ ልብዎ በኃይል እየመታ እጅዎ ለማውለቅ የሚጣደፍ ከሆነ፣ ለእንቅልፍ ክሊኒኩ ይደውሉ። ለዚህ የሚረዳ የባለሙያ ልምምድ አለ። በራስዎ ግን የእንቅልፍ ኪኒን አይጨምሩበት።

መለካት ተኝቶ ነው

አጎቴ ማስኩን የተቀበሉት ከአቅራቢው ቢሮ፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አየር ሳይበራ ነው። ሰው ሲተኛ ግን ጉንጩ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መንጋጋው ይላላል፣ የፊቱ ቅርጽ ይቀየራል። ቁጭ ብሎ ልክክ ያለ ማስክ ሲተኙ ያፈሳል። ስለዚህ ሁሉንም ነገር አልጋው ላይ፣ በራሳቸው ትራስ ደገምነው። እንዲህ ነው።

ፊትዎን በውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠቡ፣ በደንብ ያድርቁ። ቅባት፣ ሎሽን፣ ቫዝሊን አይቀቡ። ሲሊኮን በቅባት ይንሸራተታል፤ በጊዜ ብዛትም ይበላሻል። ፀጉራቸውን ቅቤ የሚቀቡ እናቶች ካሉ ግንባርና ጉንጭ ላይ የወረደውን ይጥረጉላቸው። ጢም ያለው ሰው ደግሞ ማስኩ የሚያርፍበትን መስመር መላጨት ወይም በጣም ማሳጠር አለበት።

ማሰሪያዎቹን በሙሉ ያላሉ። በጀርባዎ ይተኙ። መሣሪያውን ያብሩ። አጎቴ በያዙት ዓይነት ሬዝሜድ ኤርሴንስ 10 ላይ `Run Mask Fit` የሚል ምርጫ አለ። እሱን ሲጫኑት ለጥቂት ደቂቃ የሌሊቱን ያህል ግፊት ይሰጥና ማስኩ መግጠም አለመግጠሙን ስክሪኑ ላይ ያሳያል። ይህ ጠቃሚ ነው። ምክንያቱም መሣሪያው ገና ሲነሳ ዝቅ ባለ ግፊት ስለሚጀምር፣ በዚያ የገጠመ ማስክ ሌሊት ግፊቱ ሲጨምር ሊፈታ ይችላል።

አሁን ማስኩን ፊትዎ ላይ ያስቀምጡና የላይኞቹን ማሰሪያዎች ግራና ቀኝ እኩል፣ በትንሽ በትንሹ ይሳቡ። ቀጥሎ የታችኞቹን። ያዝ ሲያደርግ ይቁሙ። ከዚያ የማስኩን አካል በሁለት ጣት ይዘው ከፊትዎ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ያርቁትና ቀስ ብለው ይመልሱት። ሲሊኮኑ እንደገና ተነፍቶ፣ እጥፋቱ ተዘርግቶ ይቀመጣል። እኔ ሌሊት ስነቃና ሲያፈስ ስሰማ መጀመሪያ የማደርገው ይኸንን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማሰሪያውን ሳልነካ ዝም ይላል።

ልኩን ለማወቅ በማሰሪያውና በጉንጭዎ መካከል አንድ ጣት ያስገቡ። ያለ ግፊያ መግባት አለበት። ካልገባ ጠብቋል። ቀጥሎ ወደ ግራ ይገላበጡ፣ ወደ ቀኝም። ትራሱ ማስኩን ከጎን የሚገፋው ከሆነ ፊትዎን ወደ ትራሱ ጠርዝ ያውጡት። ማሰሪያውን በዚያ ምክንያት አያጥብቁት።

ሹሩባ የተሠሩ ሴቶች ሌላ ችግር አለባቸው። የኋላው ማሰሪያ ፀጉሩ ላይ ይንሸራተትና ወደ አናት ይወጣል። የታችኛውን ማሰሪያ ከፀጉሩ በታች፣ ማጅራት ላይ ያሳርፉት። ቋጠሮ ካለ ከፍ ብሎ አናት ላይ ይሁን። ሻሽ የሚያስሩ ከሆነ ስስና ልስላሴ የሌለው ጨርቅ ይምረጡ፤ ሳቲን ላይ ማሰሪያው አይቆምም።

የሚያፈስበት ቦታ ምክንያቱን ይናገራል

አየር ወደ ዓይን ሲነፍስ ማስኩ ትልቅ ነው ወይም ታችኛው ማሰሪያ ከላይኛው አይሎ ማስኩን አንጋዶታል ማለት ነው። የአጎቴ ሁለቱም ነበረባቸው። የተሰጣቸው አፍንጫና አፍን አንድ ላይ የሚሸፍነው፣ ሙሉ ፊት የሚባለው ዓይነት፣ ትልቁ ቁጥር ነው። ትክክለኛው ማስክ የላይኛው ጫፉ አፍንጫ አጥንት ላይ ያርፋል፤ የታችኛው ጫፉ ደግሞ ከታችኛው ከንፈር ሥር፣ አፍ ትንሽ ከፈት ብሎ ሳለ፣ አገጭ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። የሳቸው ወደ ዓይናቸው ውስጠኛ ጥግ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ወደ አቅራቢው ደውለን መካከለኛ ቁጥር ጠየቅን። ብዙ አቅራቢዎች በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ማስክ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይለውጣሉ። ግን ራሳቸው አይነግሯችሁም፤ መጠየቅ አለባችሁ፣ ቀኑም ሳያልፍ።

ሌሊቱን ሙሉ ወደ ዓይን የሚነፍስ አየር በጠዋት ቀይና የሚቆረቁር ዓይን ያመጣል። እሱን ችላ አይበሉ።

በጉንጭ በኩል ሲያፈስ አብዛኛውን ጊዜ ትራሱ ነው፣ ወይም ግራና ቀኙ እኩል አልተሳበም።

በአፍ ማምለጥ ግን ከማስኩ ውጭ የሆነ ጉዳይ ነው። አፍንጫ ብቻ የሚሸፍን ማስክ ያደረገ ሰው እንቅልፍ ውስጥ አፉ ሲከፈት አየሩ በአፍንጫ ገብቶ በአፍ ይወጣል። ምልክቱ ጠዋት ምላስ ከላንቃ ጋር እስኪጣበቅ የደረቀ አፍ ነው። አጠገብ የሚተኛ ሰው ካለ «ፉፉ» የሚል ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ የሚመረመረው አፍንጫው ነው። አፍንጫ ከተደፈነ አፍ መከፈቱ የግድ ነው። አፍንጫቸው ሳይደፈን አፋቸው የሚከፈት ሰዎች አገጭ የሚደግፍ ማሰሪያ ይሞክራሉ። ካልሆነ ሙሉ ፊት ማስክ ይሻላል። አፍን በፕላስተር ስለ መለጠፍ ብዙ ሲወራ እሰማለሁ። ሐኪም ሳያማክሩ አያድርጉት። አፍንጫው የታፈነ ወይም የሚያስመልሰው ሰው ላይ አደገኛ ነው።

ሙሉ ፊት ማስክ ያደረጉም ቢሆኑ ማቅለሽለሽ ባለበት ሌሊት ማስኩን ይተዉት። እጁ የማይታዘዝለትና ራሱ ማስኩን ማውለቅ የማይችል ሰው ያለ ጠባቂ አያድርገው።

ሁሉም ማስክ ላይ የሚያፈስ የሚመስል ግን ብልሽት ያልሆነ አንድ ቦታ አለ። ፊት ለፊት ወይም ክርኑ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ከዚያ ሁልጊዜ አየር ይወጣል። የሚወጣው የተነፈስነው አየር ነው። አጎቴ በሁለተኛው ሌሊት እነዚያን ቀዳዳዎች በፕላስተር ሊሸፍኗቸው አስበው ነበር። ፈጽሞ አይሸፈኑም። ከሸፈኑት የወጣውን አየር መልሰው ይስቡታል። በዚሁ ምክንያት ጋቢ ከአናት በላይ ጎትቶ መተኛት ለለመደ ሰው ልማዱ መቀየር አለበት። ብርድ ልብሱ እስከ አገጭ ድረስ ይሁን። ከቀዘቀዛችሁ ኮፍያ አድርጉ።

«አየር አነሰኝ» ሲባል

አዲስ ማስኩ ከመጣ በኋላ አጎቴ ሌላ ስሞታ አመጡ። «ሲጀምር ያፍነኛል፤ ኋላ ይሻለኛል» አሉ። ነገሩ ግራ የሚያጋባ ይመስላል። ግፊት ሲበዛ ነው እንጂ ሲያንስ ሰው ይታፈናል?

ይታፈናል። `Ramp Time` የሚለው ቅንብር ግፊቱን ከዝቅተኛ ቁጥር አስነስቶ ቀስ በቀስ ከፍ ያደርገዋል። እሱ ለብዙ ሰው ጥሩ ነው። ግን መነሻው 4 ከሆነ ለአንዳንድ ትልልቅ ሰዎች አየሩ አይበቃም፤ በገለባ እንደ መተንፈስ ይሆንባቸዋል። ለአጎቴ ክሊኒኩ መነሻውን ወደ 6 ከፍ አደረገላቸው። ስሞታው በዚያው ሌሊት ቆመ። እንደነሱ ዓይነት ቁጥር የሚቀይረው ክሊኒኩ ነው፤ እኛ ስሜቱን በትክክል መንገር ብቻ ነው ያለብን፦ «ሲጀምር ነው ወይስ ሲቆይ? ስስብ ነው ወይስ ስተነፍስ?»

ስንተነፍስ፣ ማለትም አየሩን ስናወጣ የሚገፋን ከሆነ ግን መፍትሔው ሌላ ነው። ብዙ መሣሪያዎች አየር በምናወጣበት ቅጽበት ግፊቱን የሚቀንስ ቅንብር አላቸው። እሱን ያበሩልዎት እንደሆነ ይጠይቁ።

ጠዋት ሆድ ተነፍቶ፣ ግሳት በዝቶ መነሳትም አለ። አየሩ ወደ ሳንባ ሳይሆን ወደ ሆድ ወርዷል። በጎን መተኛትና ራስጌን ከፍ ማድረግ ይረዳል፤ ከቀጠለ ለክሊኒኩ ይንገሩ። ደረት ላይ ሕመም ካመጣ አይቆዩ።

አፍንጫና ውሃው

በመጀመሪያው ወር አፍንጫ መደፈንና መድረቅ የተለመደ ነው። የውሃ ሳጥኑ ያለው ለዚህ ነው። ማታ በጨው ውሃ አፍንጫን መርጨት፣ ከዚያ `Humidity Level` የሚለውን በአንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ ሁለት ሌሊት ማየት። በአንዴ ከፍተኛው ላይ አይውሰዱት። ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ እርጥበቱ ቱቦው ውስጥ ወደ ውሃነት ይለወጥና ይንቦጫቦጫል፤ ፊት ላይም ይረጫል። አጎቴ ይህ ሲገጥማቸው ቱቦው የተቀደደ መስሏቸው ነበር። ቱቦውን ከብርድ ልብስ ሥር ያሳልፉት፣ ወይም የሚሞቅ ቱቦ ካለዎት ሙቀቱን ይጨምሩ። መሣሪያውን ከራስዎ ዝቅ አድርገው ያስቀምጡት፤ ያን ጊዜ ውሃው ወደ ፊትዎ ሳይሆን ወደ ሳጥኑ ይመለሳል።

ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ዲስቲልድ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ጠዋት ጠዋት የተረፈውን ይድፉት፣ ሳጥኑን ያድርቁት። ሽቶ ወይም የባሕር ዛፍ ዘይት ጠብ አያድርጉበት። ቡና የሚፈላውና ዕጣን የሚጨሰው መሣሪያው ባለበት ክፍል ከሆነ ጭሱ በማጣሪያው በኩል ይሳባል። ማጣሪያውን አውጥተው ቢያዩት ይገባዎታል፤ ነጩ ጠቁሮ ያገኙታል። እኛ ቤት ረከቦቱ ወደ ሳሎን ተዛወረ።

የቆሰለ አፍንጫ

የአጎቴ አፍንጫ ላይ የነበረው መቅላት በሦስት ቀን ለቀቀ፤ ያለቀቀ ቢሆን ኖሮ ማስኩን እንቀይር ነበር። መለያው ቀላል ነው። ጠዋት የሚታይ መስመር በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጠፋ ችግር የለም። ከሰዓት በኋላም ካለ ጠብቋል። ቆዳው ከተላጠ ወይም ውሃ ከቋጠረ ያን ቦታ የማይነካ ማስክ ያስፈልጋል። የአፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ የሚያርፉ፣ ወይም ከአፍንጫ ሥር የሚቀመጡ ዓይነቶች አሉ። እነሱ አጥንቱን አይነኩትም። ለስኳር ሕመምተኛ የተላጠ ቆዳ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ያን ቀን ለሐኪም ያሳዩት።

አንዳንድ ማስኮች ማሰሪያቸው የሚያያዘው በማግኔት ነው። የልብ ምት መሣሪያ የተገጠመለት ወይም ሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው ማግኔት የሌለውን ይጠይቅ። አጠገቡ የሚተኛው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ካለበትም እንደዚያው።

የሰዓቱ ጉዳይ

አጎቴ የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ የሜዲኬር፣ ተጠቃሚ ናቸው። ሜዲኬር መሣሪያውን መክፈል ለመቀጠል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ፣ በተከታታይ 30 ቀናት ቢያንስ 21 ሌሊት፣ በያንዳንዱ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠቀምን ይጠይቃል። ከ31ኛው እስከ 91ኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ሐኪሙ ዘንድ ቀርቦ መታየት ያስፈልጋል። ብዙ የግል ኢንሹራንሶችም ተመሳሳይ መስፈርት አላቸው። መሣሪያው ሰዓቱን ራሱ መዝግቦ ይልካል።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ አራት ሰዓት ሞልተው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማውለቅ ጀመሩ። እኔ ይህን አልወደድኩትም፣ ምክንያቱንም ነገርኳቸው። አራት ሰዓት የኢንሹራንስ ቁጥር ነው። ሕልም የምናይበት እንቅልፍ የሚበዛው ወደ ንጋት ነው። ጡንቻ በጣም የሚላላውና በብዙ ሰው ላይ ትንፋሽ አብዝቶ የሚቆራረጠው ያኔ ነው። ማስኩን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያወለቀ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገውን ሰዓት ያለ ማስክ ያድራል። ለሽንት ሲነሱ ማስኩን ሳያወልቁ ቱቦውን ብቻ ከማስኩ ይንቀሉት። ሲመለሱ ይሰኩት። ብዙ ሰው ማታ ተነስቶ ያወለቀውን መልሶ የማያደርገው ስለሚሰንፍ ነው፤ ይህቺ ዘዴ ያንን ታስቀራለች።

ጠዋት `Sleep Report` ላይ ሦስት ነገር ያዩ ነበር። ማስኩን ስንት ሰዓት እንዳደረጉት፣ በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽ እንደተቆራረጠ፣ ማስኩ መግጠም አለመግጠሙን። መጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ላይ ሰዓቱ አንድ ተኩል፣ መቆራረጡ 11 ነበር፤ የማስኩ ምልክት ቀይ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሰዓቱ አምስት ተኩል፣ መቆራረጡ 4 ሆነ። በአብዛኛው የሚፈለገው ከ5 በታች ነው። ማስኩ ገጥሞ እያለ ያ ቁጥር ለሳምንት ከ5 ካልወረደ፣ ችግሩ የግፊቱ ቅንብር ሊሆን ስለሚችል ክሊኒኩ ሪፖርቱን እንዲያየው ይደውሉ። ማስኩ እያፈሰሰ ያለ ቁጥር ግን አይታመንም፤ መጀመሪያ መፍሰሱን ያስተካክሉ።

በሁለተኛው ወር አጋማሽ ላይ አጎቴ እንደገና ደወሉ፤ በዚህ ጊዜ በቀን ነው። «ተመልሶ ማፍሰስ ጀምሯል። ማሰሪያው አልላላም፤ አልነካሁትም» አሉ። ማስኩን አምጡ አልኳቸው። ሲሊኮኑን በጣቴ ዳሰስኩት። በጠዋቱ መጥረግ ሰልችቷቸው የፊታቸው ወዝ ገብቶበት ለስልሷል፣ ጠርዙም ተርገብግቧል። በየጠዋቱ ሞቅ ባለ ውሃና በሕፃናት ሳሙና መጥረግ፣ ቱቦውንም በሳምንት አንዴ ማጠብ ነበረባቸው። በረኪናና አልኮል ግን አይነካውም። ሜዲኬር የሙሉ ፊት ማስክን ሲሊኮን በወር አንድ ጊዜ፣ የአፍንጫውን በወር ሁለት ጊዜ ይቀይራል። የሳቸው የሚቀየርበት ጊዜ አልፎታል። አዲሱን ሲሊኮን አስገባን፣ ማሰሪያውን ባለበት ተውነው። የተቀየረበትን ቀን መሣሪያው ጎን ላይ በወረቀት ጽፈው ለጠፉት።